ፍየል፣ ጉልት፣ እንግዳ፦ ስለ መካከለኛው ዘመን ገዳማት ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ገዳማት መጻሕፍትን በሣጥን ቆልፈው ከማቆየት ያለፈ ሥራ አልሠሩም። መጻፉም ቢሆን ወጪ የሌለው፣ መነኮሳቱ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ሥራ ነበር። ከይኩኖ አምላክ ጀምሮ የአገሩ መሬት ሲሶ የገዳማት ሆነ፤ ሁሉም የንጉሥ ጉልት ተቀብለው በገባር ላብ ኖሩ። እንግዳ መቀበል የሚሉት ደግሞ የመጣውን ሁሉ ማብላት እንጂ ሥርዓት ያለው ነገር አልነበረም።»

የመልሱን ቅደም ተከተል ትንሽ እለውጣለሁ። የምጀምረው ከመጽሐፉ ወጪ ነው፤ እሱ ከተያዘ ስለ መሬቱም ስለ እንግዳውም የሚባለው በቀላሉ ይከተላል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ወጪው

ለመቅደስ ንባብ የሚሆን ትልቅ አራቱ ወንጌል እንውሰድ። ቅጠሉ ቁመቱ 35፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ብራና ከመሃል ታጥፎ ሁለት ቅጠል ስለሚሆን ጸሐፊው የሚያስፈልገው 35 በ50 የሆነ ጥንድ ነው። የፍየል ቆዳ ተፍቆ ሲያልቅ የእግሩ፣ የአንገቱና የሆዱ ጠርዝ ተቆርጦ ይጣላል፤ የሚቀረው የጀርባው መካከል ነው። ከዚያ ላይ አንድ ጥንድ ያለ ችግር ይወጣል፤ ፍየሉ ትልቅ፣ ቆዳው ጠባሳ የሌለው ከሆነ ደግሞ ሁለት። መጽሐፉ 200 ቅጠል ቢኖረው 100 ጥንድ፣ ማለትም ከ50 እስከ 100 ፍየል ይጠይቃል። አራት አራት ጥንድ እየተደራረበ ሲጠረዝ 25 ጥራዝ ይሆናል። ይህ እንግዲህ የአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ፍየሎቹ ከየት መጡ? መነኩሴ ሥጋ ስለማይበላ ቆዳ ከገዳሙ ማድ ቤት አይገኝም። እንደ ደብረ ዳሞ ባለው ገዳም ደግሞ ሴት እንስሳ እንኳ ወደ ላይ ስለማይወጣ መንጋ እዚያው ማርባት አይቻልም። ስለዚህ ቆዳው የሚመጣው ከታች ካለው አገር ነው፤ በግብር፣ በስጦታ፣ በግዢ፣ ወይም በተዝካርና በበዓል ከሚታረደው። ገዳሙ ከመንደሩ ጋር የኢኮኖሚ ግንኙነት ከሌለው ጸሐፊው ባዶ እጁን ይቀመጣል።

ሥራውም የትርፍ ጊዜ አይደለም። ቆዳው ለጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን ይበሳና በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል። መጀመሪያ የሥጋው በኩል ይፋቃል፤ ስቡና ስስ ሽፋኑ እስኪለቅ ድረስ። ቆዳው ሲደርቅ ደግሞ ዞሮ ጠጉሩ በስለት ይላጫል። የአውሮፓ ብራና ሠሪዎች ጠጉሩን የሚያላቅቁት ቆዳውን በኖራ ውኃ ዘፍዝፈው ነው፤ የኛዎቹ ግን ኖራ አይጠቀሙም። በክንድ ኃይል ስለሚላጭ የጠጉሩ ቀዳዳ ነጠብጣብ በብዙ የግዕዝ መጻሕፍት ላይ ዛሬም ይታያል። በመጨረሻ በሸካራ ቀላል ድንጋይ ይታሻል።

ችግር የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው። ስቡ በደንብ ካልወጣ ቀለሙ አይይዝም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፊደሉ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ፋቂው ስለቱን ከመጠን በላይ ከተጫነ፣ በተለይ በጎንና በብብት በኩል ቆዳው ስስ ስለሆነ፣ ይበሳል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በጅማት ወይም በክር ይሰፋና ብራናው ሥራ ላይ ይውላል፤ ያን ያህል የተደከመበት ቆዳ አይጣልም። ውጥረቱ በአንድ በኩል ከበዛ ደግሞ ቅጠሉ ይጣመማል፤ ሰሌዳ ተጭኖበት እንኳ አይቃናም።

ቀጥሎ ጸሐፊው በወስፌ ጠርዙ ላይ ነጥብ ነጥብ ይወጋል። ከነጥብ ወደ ነጥብም በደነዘ ጫፍ መስመር ያሰምራል፤ ቀለም የሌለው፣ በጣት የሚዳሰስ መስመር። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ተፈጭቶ፣ ከሙጫና ከውኃ ጋር ለወራት ሲብላላ የሚቆይ ነው። ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። ስለ ጥላሸት ቀለም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። አውሮፓውያኑ ከብረት ጨው የሚሠሩት ቀለም በጊዜ ብዛት ብራናውን ራሱን እየበላ ፊደሉን ቀዳዳ ያደርገዋል። የጥላሸት ቀለም ብራና አይበላም፤ ነገር ግን ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ውኃ ሲነካው ይታጠባል። ለዚህ ነው ጣራው ያፈሰሰበት ገዳም ያሉ መጻሕፍት ብራናቸው ደህና ሆኖ ጽሑፋቸው የጠፋው።

ብዕሩ ከሸምበቆ ይቀረጻል፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚደንዝ በቀን ብዙ ጊዜ ይሳላል። ቁም ጽሕፈት የሚችል ሰው እንዲህ ያለውን ወንጌል ለመጨረስ ብዙ ወራት ይወስድበታል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ይበላል፣ ይለብሳል፣ በእርሻ ላይ አይሰማራም። በመጨረሻ ጥራዞቹ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይሰፋሉ፤ ድጉስ ቆዳ ይለብሳሉ፤ ማኅደር ይሠራላቸዋል። ወጪ የለውም የተባለው ሥራ ይህ ነው።

ስለ ሣጥኑ

መጻሕፍት ለክፉ ቀን ይደበቁ እንደነበር እውነት ነው፤ መደበቅም ነበረባቸው። ነገር ግን ጽሑፉ ሐይቅ እስጢፋኖስን አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሳቱ ይገርማል፤ ስለ ገዳምና ስለ ትምህርት ሲወራ መነሻው እሱ ነውና። ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ተምሮ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በትውፊቱ በ1248፣ ወሎ ሐይቅ ላይ ማኅበሩን መሠረተ። በ1280/81 ለገዳሙ ያስጻፈው ወንጌል ዛሬም አለ፤ የተጻፉበት ጊዜ ከሚታወቅ የግዕዝ መጻሕፍት በጥንታዊነቱ ከፊተኞቹ አንዱ ነው። በውስጡም ለገዳሙ የሰጣቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ዝርዝር የሚጻፈው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሄድ ነው፤ ከሣጥን የማይወጣን ነገር መቁጠር አያስፈልግም።

ከዚያ ማን ወጣ? ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ተምሮ ወደ ሸዋ ተመለሰና ደብረ አስቦን መሠረተ፤ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ያለው እሱን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው በሐይቅ የተማረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን በ1424 ጨረሰ። የሐይቁ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበረው፤ በቤተ መንግሥትም ቃሉ የሚሰማ ሰው ሆነ። አንድ ገዳም ደቀ መዝሙር ሲልክ የሚገለበጥ መጽሐፍም አብሮ ይልካል፤ አዲሱ ገዳም ያለ ወንጌል፣ ያለ ዳዊት፣ ያለ ቅዳሴ አንድ ቀን ማደር አይችልምና።

መቅዳት ብቻም አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከ1348 እስከ 1388 በጵጵስና የቆየው አባ ሰላማ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ብዙ አስተረጎመ፤ «መተርጕም» የተባለውም ለዚህ ነው። ስንክሳሩም ከግብፁ ከአባ እንጦንስ ገዳም ጋር በነበረው ግንኙነት ከዐረብኛ የተመለሰ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነው እንባቆም ከየመን የመጣ ሰው ነበር፤ ዐረብኛውን ይዞ ገብቶ ለትርጉም ሥራ አዋለው።

የሄኖክን መጽሐፍ ጉዳይ የዚያ ጽሑፍ ባለቤት ቢያዩት ጥሩ ነበር። ሙሉው ጽሑፍ በዓለም ላይ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። አውሮፓ እጅ የገባው ጄምስ ብሩስ በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ ሲመለስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሙት ባሕር ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲወጡ የግዕዙ ጽሑፍ ከእነሱ ጋር የሚመሳከር ሆነ። አሁን ነጥቡ ምንድን ነው? ቀደምት የሆኑት የግዕዝ ቅጂዎች የ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ናቸው፤ ትርጉሙ ግን የአክሱም ዘመን ነው። በመካከል ያለውን ወደ አንድ ሺህ ዓመት አንድም መጽሐፍ ተሸሽጎ አልተሻገረውም። እየነተበ ተገለበጠ፣ ቅጂውም ነተበና እንደገና ተገለበጠ። ብራና በሣጥን ብቻ ይህን ያህል ጉዞ አይጓዝም። እርግጥ የአባ ገሪማ ወንጌሎች አሉ፤ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቀዋል። ግን እነሱ ልዩ ናቸው፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፉ የግዕዝ መጻሕፍት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

መጽሐፍ ሲነበብ የኖረ መሆኑን ራሱ ብራናው ይናገራል። የቅጠሉ የታችኛው ማዕዘን በጣት ወዝ ይጠቁራል፤ የጧፍ ጠብታ ይኖረዋል፤ በጠርዙ ላይ የተሰፉ ባለ ቀለም ክሮች የንባቡን ቦታ ያመለክታሉ። ቀዳዳውንም ማየት ነው። ጽሑፉ ቀዳዳውን እየዞረ ካለፈ ቀዳዳው ፋቂው የፈጠረው፣ ከመጻፉ በፊት የነበረ ነው። ስፌቱ ፊደል አቋርጦ ከሄደ ግን ቅጠሉ የተቀደደው በአገልግሎት ላይ ሳለ ነው፤ የሰፋውም ሊያነበው የፈለገ ሰው ነው።

በተቃራኒው ወገን ያሉትንም እግረ መንገድ ላርማቸው። ዛሬ የምናውቃቸው ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት የሚባሉት እርከኖች በኢየሱስ ሞዓ ዘመን እንዲሁ እንደነበሩ የሚጽፉ አሉ። ያ ሥርዓት በተለይ አንድምታው አሁን ያለውን መልክ የያዘው በጎንደር ዘመን ነው። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ ያስተምር ነበር፤ በዚያ መልክ ነው ግን አይባልም።

ስለ መሬቱ

ሲሶው የሚመጣው ከቃል ኪዳን ታሪክ ነው። ተክለ ሃይማኖት ለይኩኖ አምላክ መንግሥቱን እንዳስመለሰ፣ በምላሹም የአገሩ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ ይተርካል። ታሪኩን የያዘው ጽሑፍ ከ1270 ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ነው። በይኩኖ አምላክ በራሱ ዘመን ከተጻፉ የመሬት ሰነዶች ውስጥ ሲሶን የሚጠቅስ የለም። የኋላ ዘመን ክርክር ወደ ኋላ ተወስዶ ነው እንደ ታሪክ የተነገረው።

ትክክለኛዎቹ ሰነዶች የት አሉ ቢባል፣ በወንጌሉ ውስጥ ናቸው። ንጉሡ ጉልት ሲሰጥ ስጦታው በገዳሙ «ወንጌለ ወርቅ» ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፋል። ለምን እዚያ? ወንጌሉ ከመቅደስ አይወጣም፤ የሚማልበትም የሚፈራውም እሱ ነው፤ ቢጠፋ ሁሉም ሰው ያውቃል። ሺመዛና ያለው፣ ዛሬ በኤርትራ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ወንጌለ ወርቅ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጀምሮ፣ ማለትም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ፣ እንዲህ ያሉ ስጦታዎችን ይዟል። ይኩኖ አምላክ ሳይነግሥ በፊት የዛጉዌ ንጉሥ ለገዳም መሬት ሰጥቷል ማለት ነው፤ «ከይኩኖ አምላክ ጀምሮ» የሚለው በዚህም ይወድቃል።

የተሰጠውስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ጽሑፉ ርስትንና ጉልትን አንድ አድርጎ አምታቷል። ርስት የገበሬው ነው፤ ከአባቱ ወርሶ ለልጁ የሚያወርሰው። ጉልት ግን ከዚያ መሬት ለመንግሥት ይገባ የነበረውን ግብር የመቀበል፣ ብዙ ጊዜም የመዳኘት መብት ነው። ጉልቱ ለገዳም ሲሰጥ ገበሬው ከርስቱ አይነቀልም፤ ግብሩን የሚያስገባበት በር ይለወጣል። ይህ ማለት ግን ሸክሙ ቀለለ ማለት አይደለም። ጨካኝ መጋቢ ከጨካኝ ጭቃ ሹም አይሻልም፤ ገበሬው እህልና ማር ከመስጠቱ ሌላ እንጨት መሸከምም ቤት መሥራትም ነበረበት። ስለ ገባር ላብ የተባለው ጨርሶ ሐሰት ነው አልልም። ግን «ገዳሙ መሬቱን ያዘ» እና «ገዳሙ ግብሩን በላ» የተለያዩ ናቸው። ሲሶ ብሎ በጋሻ መቁጠር የሚቻለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጉልት አስተማማኝ ሀብትም አልነበረም። የሰጠው ንጉሥ ሲሞት የሚቀጥለው ሊያጸናው ወይም ሊነሣው ይችላል፤ ለዚህም ነው በአንድ ወንጌል ውስጥ የአንዱ መሬት ስጦታ በተከታታይ ነገሥታት ስም ተደጋግሞ የሚገኘው። ከጎረቤት ገዳም ወይም ከባላባት ጋር ክርክር ሲነሣ ማስረጃው ያ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን የማስመሰል ፈተናም ነበረ። የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የምስክሮቹን ስም ያያል። እውነተኛው ሰነድ በዚያ ጊዜ ማን ምን ሹመት እንደነበረው ይዘረዝራል፤ የተጨመረው ግን በአንድ ዘመን ያልኖሩ ሹማምንትን ያገናኛል። ቀጥሎ የፊደሉን ቅርጽ ያያል፤ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ማዕዘናም ፊደልና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፊደል አይመሳሰሉም። የቆየ ሰነድ በኋላ እጅ ተገልብጦም ሊሆን ስለሚችል ግን ፊደሉ ብቻውን ሐሰት ነው አያሰኝም። መዝጊያው እርግማን ነው፤ በመጻሕፍት መጨረሻ የምናውቀው «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ዓይነት። የሰረቀው ብቻ ሳይሆን የፋቀውም የሚረገመው ብራና ላይ ያለ የጥላሸት ጽሑፍ በቢላ ተፍቆ በምትኩ ሌላ መጻፍ ስለሚቻል ነው። የተፋቀ ቦታ በብርሃን ሲታይ ይሳሳል፤ በጣትም ሲዳሰስ ይሻክራል።

«ሁሉም ተቀበሉ» የሚለው ደግሞ ከአራቱ ነጥቦች ደካማው ነው። በ1352 በአርመን አገር ያረፈው ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርቱን ከነገሥታትና ከሹማምንት ስጦታ እንዳይቀበሉ፣ በእጃቸው ሥራ እንዲኖሩ አዟቸው ነበር። ተከታዩ ፊሊጶስ በ1361 ደብረ ቢዘንን ሲመሠርት ማኅበሩ በዚህ ቃል ነበር የቆመው፤ ቤቱ በሰንበት ጉዳይ ከቤተ መንግሥትም ከጳጳሱም ጋር ተጣልቶ ነበርና የሚሰጠውም አልነበረም። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዘርዐ ያዕቆብ ሁለቱን ሰንበት አጽድቆ አስታረቃቸው። ከዚያ በኋላ የኤዎስጣቴዎስ ቤት ገዳማት ጉልት ወሰዱ፤ በ1520ዎቹ ደብረ ቢዘን ከሩቅ መንደሮች ግብር የሚሰበስብ ባለጸጋ ገዳም ሆኖ እናገኘዋለን። በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ አንዱ ገዳም ከእምቢታ ወደ ጉልት ሄደ። ይህን ታሪክ «ሁሉም» በሚል ቃል መጠቅለል አይቻልም።

ደቂቀ እስጢፋኖስ ደግሞ ከዚህም አለፉ። ለንጉሥ ስግደት እምቢ ብለው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተገረፉ፣ ተገደሉ፣ ተሰደዱ። የእነሱ ማዕከል ጉንዳ ጉንዴ ነው፤ በትግራይ ምሥራቃዊ ገደል ሥር። ከንጉሥ ምንም ሳይለምኑ፣ አርሰው እየበሉ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ ከአገሪቱ ምርጥ ቁም ጽሕፈትና ሥዕል የሚቆጠሩ መጻሕፍት አዘጋጁ፤ በዘመናችን ሲቆጠር የገዳሙ ክምችት ከ200 በላይ ነበር። ስለዚህ ከላይ ስለ ወጪ ያልኩት ያለ ጉልት መጽሐፍ አይጻፍም ማለት አይደለም። ያለ እርሻና ያለ ከብት አይጻፍም ነው፤ እርሻው በገባርም በራስ ክንድም ሊሆን ይችላል።

ስለ እንግዳው

እዚሁ ደብረ ቢዘን ላይ እንቆይ። ወደ ቀይ ባሕር በሚወርደው መንገድ ራስ ላይ፣ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ የተሠራ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ መነኩሴ ድባርዋ ደርሶ ወደ ሱዋኪንና ወደ ግብፅ ሲያቀና ይህ አካባቢ የመጨረሻው የክርስቲያን አገር ማረፊያ ነበር። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ ገዳም ዘንድ ቆይቷል። የተናገረው አንድ ነገር ለማንኛውም የገዳም ታሪክ ጸሐፊ ትምህርት ይሆናል። 3,000 መነኮሳት አሉ ሲባል ስለሰማና ስለተጠራጠረ በነሐሴ በእመቤታችን በዓል ሄዶ ቆጠረ፤ የተሰበሰቡት ወደ 300 ቢሆኑ ነው፣ አብዛኞቹም ሽማግሌዎች። ሌሎቹ የት አሉ ሲል በየገዳማቱና በየገበያው ተበትነዋል ተባለ። የገዳሙ ቁጥር ማለት እንግዲህ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡት ሳይሆን በስሙ የሚጠሩት ሁሉ ነው። መንገደኛው መነኩሴም ከእነዚያ አንዱ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንግዳው ባዕድ አይደለም፣ የራስ ቤት ሰው ነው።

ሥርዓት የለውም ለተባለው ቁጥሩን ማስላት ይበቃል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱት ሽፍታ ስለሚፈሩ በጅምላ ይጓዙ ነበር። አልቫሬዝ በእሱ ዘመን ከ300 የሚበልጡ መነኮሳትና መነኮሳይያት አንድ ላይ እንደወጡ፣ በመንገድ ላይ ተጠቅተው ሽማግሌዎቹ እንደተገደሉ፣ ወጣቶቹ ለባርነት እንደተሸጡ፣ ያመለጡት ጥቂቶች ብቻ እንደሆኑ ጽፏል። እንዲህ ያለ ጉባኤ በአንድ ገዳም ሦስት ቀን ቢያርፍ፣ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት አራተኛ ኪሎ እህል ብቻ ብናስብ፣ ለ300 ሰው 675 ኪሎ ይሆናል፤ ወደ ሰባት ኩንታል። ይህን ያህል እህል በቸርነት ስሜት ብቻ በአንድ ምሽት አይገኝም። መጋቢው አስቀድሞ ከጉልቱ አስገብቶ በጎተራ ማከማቸት፣ ገብሱንና ስንዴውን ነቀዝ ሳይገባበት ማውጣት፣ ነቀዝ የማይደፍረውን ጤፍ ለኋላ ማቆየት አለበት። በቢዘን ከእህሉ ይልቅ የሚቸግረው ውኃው ነበር፤ ተራራው ላይ ምንጭ ስለሌለ የዝናብ ውኃ በጉድጓድ ይጠራቀማል። በበጋ መጨረሻ የሚመጣ ብዙ እንግዳ ገዳሙን በውኃ ጥም ሊፈታው ይችላል።

«የመጣውን ሁሉ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ቢዘንም ደብረ ዳሞም ሴት አያስገቡም። ደብረ ዳሞ ላይ ወንዱም ቢሆን ወደ 15 ሜትር የሚሆን ገደል በገመድ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሴቶችን፣ በሽተኞችን፣ ነጋዴንና ከብቱን ማሳረፍ የሚቻለው ከታች፣ በተራራው ግርጌ ባለው መንደር ነው። እዚያ ያለው ቤትና እህል የማን ነው ብለን ስንጠይቅ እንደገና ወደ ጉልቱ እንመለሳለን።

መንገዱ በአገር ድንበር አያልቅም። በግብፅ፣ በቆጵሮስ፣ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ማረፊያዎች ነበሩ። በ1519 እና በ1524 መካከል አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኔስ ሰው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አፍ የጉዞ መስመሮችን ጽፏል፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደረስ፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ እየተናገሩለት። እንዲህ ያለ ዝርዝር በቃል የሚያዘው ማረፊያዎቹ ቋሚ ሲሆኑ ነው። ወጪያቸውንም አገር ቤት ያለው መሬት ይሸፍን ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ለኢየሩሳሌም ማኅበር የሲኖዶስ መጽሐፍ ከደብዳቤ ጋር ሲልክ ለመብራቱና ለበዓሉ የሚሆን የመሬት ገቢም መድቦላቸዋል።

የሮሙ ቤት ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ምሳሌ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ያለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። እዚያ ያረፉ መነኮሳት ሲዘምሩ የሰማው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከአንዱ ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተማረና በ1513 ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሄደው ተስፋ ጽዮን ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን አሳተመ። የእንግዳ ቤት መጽሐፍ ቤት ሆነ ማለት ነው፤ ግን ጉድለቱም አብሮ ታየ። በሮም እጃቸው ላይ የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎደሎ ነበርና የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት፤ ይህንንም በመጽሐፉ ውስጥ ሳይደብቁ ተናግረዋል። ሐይቅ ወይም ደብረ ሊባኖስ ቢሆኑ ኖሮ ከጎረቤት ገዳም ሌላ ቅጂ አስመጥተው ያመሳክሩ ነበር። ዛሬ የግዕዙን ግብረ ሐዋርያት የሚመረምር ሰው ያንን እትም ከጥንት ምስክሮች ተርታ የማያስገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ገዳማቱ ብራናዎች ይመለሳል።